ቫቱ የተካተተበት ደረሰኝ ሲነጣጠል ሂሳቡ ለምን አይገጥምም?

ምልክቱ ይህ ነው። ደረሰኙ የሚያሳየው ቫት የተካተተበትን ጠቅላላ ብቻ ነው። ቫቱን ለይታችሁ አወጣችሁ። በቀረው ዋጋ ላይ ቫቱን መልሳችሁ ስትጨምሩ ግን ከደረሰኙ ያነሰ ቁጥር ይመጣል።

መንስኤው ጠቅላላውን በቫት ምጣኔው ማባዛት ነው። ቫት የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ጠቅላላው ውስጥ ቫቱ ራሱ አለበት። ስለዚህ ስታባዙ በቫቱ ላይ ሌላ ቫት ትጥላላችሁ።

ምጣኔው 15 በመቶ፣ ጠቅላላው 2,300 ይሁን። በ0.15 ሲባዛ 345 ይወጣል፤ ቀሪው 1,955 ነው። እዚያ ላይ 15 በመቶ ጨምሩበት፤ 2,248.25 ብቻ ይሆናል። 51.75 የገባበት ጠፋ ማለት ነው። መፍትሄው ማካፈል ነው። ጠቅላላው የዋጋው 115 በመቶ ስለሆነ 2,300ን ለ1.15 አካፍሉት። ዋጋው 2,000፣ ቫቱ 300 ይሆናል። ምጣኔው 20 በመቶ ከሆነ የምታካፍሉት ለ1.20 ነው።

ስህተቱ መዝገብ ውስጥ ከገባም መለያ አለው። 345 ከ300 በ45 ይበልጣል፤ 45 ደግሞ የ300 15 በመቶ ነው። የተጋነነው ሁልጊዜ ልክ በምጣኔው ያህል ነው። አንድ ጊዜ የሦስት ወር የግዢ መዝገብ እንዳይ ተሰጠኝ። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ መበርበር አላስፈለገም። የቫቱን ድምር ለ1.15 ሳካፍለው ትክክለኛው ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ። ባይታይ ኖሮ ድርጅቱ ያልከፈለውን ቫት ተመላሽ ሊጠይቅበት ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅጣት ያስከትላል።

ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ ከደረሰኙ መጠን ጋር አብሮ የሚያድግ ከሆነ፣ አንድ ሰው «በ0.87 አባዛው» የምትለዋን አቋራጭ ተጠቅሟል። እባካችሁ ተዉአት! 2,300 ላይ 2,001 ትሰጣለች፤ 230,000 ላይ 100 ታሳስታለች። ጠቅላላው B2 ላይ ካለ፣ ዋጋው C2 ላይ፣ ቫቱ D2 ላይ እንዲወጣ ሰንጠረዥ ላይ ይህን ጻፉ፦

```
C2: =ROUND(B2/1.15,2)
D2: =B2-C2
```

ቫቱን ለብቻው አታጠጋጉት፤ ከጠቅላላው ቀንሱት። ምጣኔው 20 በመቶ ሲሆን ሁለቱንም ለየብቻ ካጠጋጋችሁ አንድ ሳንቲም የምትተርፍበት ጊዜ አለ። ያቺን ሳንቲም ሲፈልግ የሚያመሽ ሰው አይቻለሁ።

ከቫት ነፃ የሆነ ዕቃ አብሮ ካለበት መጀመሪያ እሱን ከጠቅላላው ቀንሱ፤ የሚካፈለው የቀረው ብቻ ነው። ሻጩ ለቫት ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ምንም አታካፍሉ፤ ደረሰኙ ውስጥ የሚወጣ ቫት የለም።