የሰርጉ ፎቶ የት ገባ? በፋይልና በፎልደር ስም ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ ባሕር ዳር ወዳለችው ትንሽ ስቱዲዮአችን መጣች። አልበሟን ውሃ ገብቶበታል።

"ወንድሜ፣ ፎቶዎቹ እናንተ ጋ ይኖራሉ?"

"ሰርጉ መቼ ነበር?"

"ጥር 13 ቀን 2009። ጣና ዳር ነው ያነሳችሁን።"

"አይጠፋም፣ አረፍ በይ" አልኳት። አረፍ በይ ያልኩት ግማሽ ቀን ፈጀ። ፎቶዎቹ አልጠፉም ነበር። የጠፋው ስማቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሃርድ ዲስኩን ከላይ እስከ ታች ሳየው ያገኘኋቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

በወር ስም መጀመር

መጀመሪያ የፈለግሁት "ጥር 2009" የሚል ፎልደር ነው። የወር ስም ለእኛ ተራ አለው፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያልን እንቆጥራለን። ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፊደል ገበታን ነው። ስለዚህ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይመጣል። ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ይገባል። ጥር ከጥቅምት በፊት ይሰለፋል፣ ሁለቱም ታች ከግንቦት በኋላ ናቸው።

የባሰው ኅዳር ነው። አንዱ ባልደረባዬ "ህዳር"፣ ሌላው "ሕዳር"፣ እኔ ደግሞ "ኅዳር" ስንጽፍ ኖረናል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በገበታው ላይ የተለያየ ቦታ ያላቸው ፊደላት ስለሆኑ አንዱ ወር ሦስት ቦታ ተበትኗል። ፍለጋውም እንደዚያው ነው። "ሰርግ" ብለህ ስትፈልግ "ሠርግ" ተብሎ የተቀመጠው አይመጣም። ስለዚህ ወሩን በቁጥር ጻፍ፤ ለሥራው ዓይነት ደግሞ አንድ አጻጻፍ መርጠህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። እኛ "ሰርግ" ብለናል። የሰዋስው መምህር ቢቆጣም አንለውጠውም።

ቀኑን ከፊት ማድረግ

ደረሰኝ ላይ 13/05/2009 ብለን እንጽፋለን። ዊንዶውስ ያቺን ያዘመመች መስመር በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ ስለዚህ በሰረዝ እንተካትና እንቀጥላለን። ችግሩ ግን መስመሯ ላይ አይደለም፣ ተራው ላይ ነው። ስም የሚደረደረው ከግራ ጀምሮ ስለሆነ ቀኑ ከቀደመ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። ይህ የተዘበራረቀው ነው፤

```
01-03-2019
05-11-2016
21-01-2017
```

ይህ ደግሞ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ሲሆን፤

```
2016-11-05
2017-01-21
2019-03-01
```

ዓመቱ አራት አሃዝ፣ ወሩና ቀኑ ሁለት ሁለት አሃዝ ይሁኑ። ዜሮዋን አትዝለላት። የዊንዶውስ የፋይል መስኮት 2ን ከ10 በፊት ማስቀመጥ ስለሚያውቅ ዜሮዋ ትርፍ ትመስላለች። የሰርግ ቪዲዮ በክፍል በክፍል የጫንበት ፍላሽ እንደ ዊንዶውስ የማያስብ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ግን ክፍል 1፣ ክፍል 10፣ ክፍል 2 እያለ ሊያጫውት ይችላል። ሙሽራዋ ኬክ ከቆረሰች በኋላ ከቤቷ ስትወጣ ያየ ቤተሰብ ደውሎልን ያውቃል።

ሁለት የዘመን አቆጣጠር ማደባለቅ

ግማሽ ቀኔን የበላው ይሄ ነው። "2009" የሚል ፎልደር አገኘሁ፤ ከፈትኩት። ውስጡ ያሉት ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በፈረንጆቹ 2009 ያነሳቸው ናቸው። የደንበኛዬ ሰርግ በእኛ 2009 ነው፣ በፈረንጆቹ 2017። ካሜራው ደግሞ የሚጽፈው የፈረንጁን ብቻ ነው። ረዳቴ ከሚሞሪ ካርዱ ሲገለብጥ "ጃንዋሪ 2017 አዲስ" ብሎት ነበር። እኔ በእኛ እፈልጋለሁ፣ ፎልደሩ በእነሱ ተቀምጧል።

በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት የተነሳ አንዱ ቁጥር ሁለት ዘመን ይሆናል። "2010-01-21" የሚል ፎልደር መስከረም 21 ቀን 2010 ነው ወይስ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 21? ከስሙ ብቻ አታውቅም። ሁለት ነገር ይረዳሃል። ወሩ 13 ከሆነ ጳጉሜ ነው፣ የእኛ ነው። ቀኑ 31 ከሆነ የእነሱ ነው፣ የእኛ ወር ከ30 አያልፍም። ከዚያ ውጪ ያለውን ፎቶውን ከፍተህ ካሜራው ውስጡ የጻፈውን ቀን ማየት ነው፤ በዊንዶውስ ፎቶው ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገህ `Properties` ውስጥ `Details` ስትገባ `Date taken` የሚለው ነው። እሱም ቢሆን የካሜራው ሰዓት በትክክል ከተሞላ ነው።

የደንበኛዬን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ጥር 1 ቀን 2009 ጃንዋሪ 9 ላይ ዋለ፤ ስለዚህ በጥር ውስጥ 8 እየደመርክ ትሄዳለህ፣ 13 ሲደመር 8 ጃንዋሪ 21 ቀን 2017። ቀኑም ቅዳሜ ነው፣ ለሰርግ ያመቻል። ግን ይህን ስሌት በቃልህ ይዘህ እንዳትሄድ። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። በ2009 ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነበር፣ በ2012 ግን ጃንዋሪ 20 ዋለ። እርግጠኛ ለመሆን መቀየሪያ አፕ ተጠቀም።

መፍትሔው ከፊት የሚቆመውን አቆጣጠር አንድ ማድረግ ነው። እኛ ካሜራው የሚጽፈውን ስለምንከተል የፈረንጁን መርጠናል፤ ደንበኛ የሚያውቀውን ደግሞ ጫፉ ላይ በስሙ እንጽፋለን፤

```
2017-01-21_0412_ሰርግ_ጥር13-2009ዓም
```

0412 የደረሰኙ ቁጥር ነው። ደብዳቤና ሪፖርት የሚያስቀምጥ ቢሮ ብሆን ኖሮ ግን በተቃራኒው አደርግ ነበር፤ ሰነዱ ራሱ በእኛ ቀን ስለተጻፈ የእኛው ከፊት ይቀመጣል። ሁለቱንም እያፈራረቁ ከፊት ማድረግ ነው ጣጣው።

"የተቀየረበት ቀን" የሚለውን ማመን

"ስም ምን ያደርጋል፣ በቀን ደርድረው" የሚል ሰው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ የሚያሳይህ ፋይሉ የተነካበትን ቀን ነው እንጂ ሰርጉ የተካሄደበትን አይደለም። አንድ ፎቶ ከፍተህ ብርሃኑን አስተካክለህ ስታስቀምጠው ቀኑ የዛሬ ይሆናል። በቴሌግራም ልከህ መልሰህ ብታወርደው ያወረድክበት ቀን ይያዛል።

ፎልደርን በሰው ወይም በዕቃ ስም መጥራት

ዲስካችን ውስጥ "የትልቁ ካሜራ"፣ "ዴስክቶፕ ኮፒ" እና ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ስም የተጻፈባቸው ፎልደሮች ነበሩ። ካሜራው ተሽጧል። ኮምፒውተሩም ተቀይሯል። ልጁ ግን አሁንም እየተደወለለት "ያ ፎልደር ምን ነበር?" ይባላል።

አሁን ከላይ ዓመትና ገና ያልተስተካከለው የገባበት "አሮጌ" የሚል ፎልደር ብቻ ነው ያለው። በዓመቱ ውስጥ ሥራው፣ በሥራው ውስጥ ደግሞ ሦስት ፎልደር፦ `1_ከካሜራ`፣ `2_የተስተካከለ`፣ `3_የተሰጠ`። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት እያልን ከላይ ለየብቻ ከፍለን ሞክረን ነበር፤ ምርቃትና ቀለበት በአንድ ቀን ያደረገ ደንበኛ መጣና የት እንደምናስገባው ጠፋን። በነገራችን ላይ "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ አዲስ"፣ "እውነተኛ የመጨረሻ" የሚሉትን አልበሞች በ01፣ 02፣ 03 ተክተናቸዋል።

አሮጌውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሪኔም ላድርግ ብለህ አትነሳ። እኛ የምናስተካክለው ደንበኛ ሲመጣና ፎልደሩ ሲከፈት ብቻ ነው። ዲስኩ ሲከፈት ከዓመት ፎልደሮቹ ጋር ደግሞ `00_አንብበኝ.txt` የሚል ፋይል አለ። ውስጡ ያለው ይሄው ነው፤

```
ከፊት ያለው ቀን በፈረንጆቹ ነው፦ ዓመት-ወር-ቀን
ቀጥሎ ያለው የደረሰኝ ቁጥር ነው
ጫፉ ላይ ያለው ቀን የእኛ ነው
"አሮጌ" ውስጥ ያለው ገና አልተስተካከለም፣ ስሙን አትመኑ
```