ጥቁሩን ጠርዝ ስትቆርጡ ፊደሉን አትቁረጡ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ ስካን አድርጎ ያስረከበኝ መጽሐፍ ገጾቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ፤ ስካነሩ በገጽ ዙሪያ የሚተወው ጥቁር ጠርዝ የሚባል አይታይባቸውም። ኮምፒውተሩ ምስሉን ወደ ጽሑፍ ከቀየረው በኋላ ግን «ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄደ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። መጽሐፉን ገልጬ ሳየው «ሄዱ» ይላል። ቃሉ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለነበረ የ«ዱ» ጭረት ከጥቁሩ ጠርዝ ጋር አብሮ ተቆርጧል።

ይህን ስህተት ደጋግሜ ስላየሁት ትዕግሥቴ አልቋል። በብዙዎቹ ፊደሎቻችን ካዕቡን ከግዕዙ የሚለየው በቀኝ ወገቡ ላይ ያለችው አጭር ጭረት ናት፤ የሣልስና የኃምስ ምልክትም በአብዛኛው የሚወጣው በቀኝ እግር በኩል ነው። ቀኙን ጠርዝ አስጠግታችሁ ስትቆርጡ «ቡ» «በ»፣ «ዱ» «ደ» ይሆናል። የቀረው ፊደል ትክክለኛ ፊደል ስለሆነ ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ስህተቱን አያውቀውም፤ እናንተም ምስሉን እያያችሁ አትጠረጥሩም። ስለዚህ በ300 ዲፒአይ ስካን ላይ ከረጅሙ መስመር ጫፍ ቢያንስ 60 ፒክስል፣ ማለትም ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተዉ። ወረቀቱ ራሱ ያን ያህል ኅዳግ ከሌለው ከቆረጣችሁ በኋላ በዙሪያው ነጭ ጨምሩ።

ጠርዙን ጨርሶ መተውም አይሆንም። ፕሮግራሙ ጥቁሩን እንደ ፊደል ለማንበብ ስለሚሞክር በየመስመሩ ጫፍ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይበተናሉ። ለኅትመትም ቢሆን 14 በ21 ሴንቲሜትር የሆነ ገጽ በኤ4 መስታወት ላይ ሲነሣ የሚሸፍነው ከግማሽ በታች ነው፤ የቀረው ጥቁር ሆኖ ቶነሩን ይበላል።

ገጹ ካዘነበለ መጀመሪያ አቅኑት፣ ከዚያ ቁረጡ። በተቃራኒው ከሠራችሁ በማዕዘኖቹ ላይ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ይቀራል፤ እሱን ለማጥፋት ስትሉ ደግሞ ወደ ጽሑፉ ትገባላችሁ።

አንዱን ልክ ለመጽሐፉ ሁሉ አትጠቀሙ። የመጽሐፉ ጥራዝ ጥላ በጎዶሎ ቁጥር ገጾች ላይ በግራ፣ በሙሉ ቁጥር ገጾች ላይ በቀኝ ይወድቃል፤ ሁለቱን ለይታችሁ ቁረጡ።

እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ቀን ያባከንኩበት ስህተት አለ። በፒዲኤፍ ማንበቢያ ውስጥ ገጹን ስትከረክሙት ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ያን ቀን ከርክሜ የጨረስኳቸውን ገጾች ወደ ምስል ስቀይራቸው ጠርዙ እንዳለ ተመለሰ። ፒዲኤፍን ወደ ምስል የሚቀይረው `pdftoppm` የተባለው ፕሮግራም ካልታዘዘ በቀር ሙሉውን ገጽ ነው የሚያወጣው፦

```
pdftoppm -cropbox -r 300 -png metsihaf.pdf gets
```

ከወጡት ምስሎች አንዱን ከፍታችሁ አራቱንም ጠርዞች አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ከሁሉም በፊት ግን የቀኙን፣ የመስመሮቹን መጨረሻ።