በ30 ካራክተር የሚያሳምን የጉግል ማስታወቂያ ርዕስ እንዴት ይጻፋል?

«ምርመራ በነፃ»። ክፍተቱን ጨምሮ 8 ካራክተር ነው። ለአንድ የላፕቶፕ ጥገና ቤት ማስታወቂያ ስጽፍ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ርዕስ ይሄ ነበር። ምርመራው በነፃ የሚሆነው ግን ደንበኛው እዚያው ካስጠገነ ብቻ ነው። ይህንንም ከርዕሱ ሥር በሚወጣው መግለጫ ላይ በግልጽ አስቀምጬዋለሁ፤ ስለዚህ ምንም ችግር አልታየኝም።

ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንዲት ሴት ላፕቶፗን አስመርምራ፣ ሳታስጠግን ልትሄድ ስትል የምርመራ ክፍያ ተጠየቀች። ስልኳን አውጥታ ማስታወቂያውን አሳየች። «ምርመራ በነፃ» የሚለው ርዕስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅድመ ሁኔታውን የያዘው መግለጫ ግን የለም። በእሱ ቦታ ስለ ዋስትና የሚያወራው ሌላው መግለጫ ነው የወጣው። ሴትዮዋ ልክ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሪስፖንሲቭ ሰርች አድ የሚባለው የጉግል ፍለጋ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ። እናንተ እስከ 15 ርዕስና እስከ 4 መግለጫ ትሰጣላችሁ፤ ቢያንስ ደግሞ 3 ርዕስና 2 መግለጫ ያስፈልጋል። አንድ ርዕስ ከ30 ካራክተር፣ አንድ መግለጫ ከ90 መብለጥ አይችልም። ጉግል ከሰጣችሁት ውስጥ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 3 ርዕስና 2 መግለጫ መርጦ ያሳያል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያነሰ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ የምትጽፉት አንድ ሙሉ ማስታወቂያ ሳይሆን ከየትኛውም ጋር ቢገጣጠም ስሜት የሚሰጥ ቁራጭ ነው።

ከዚህ በታች ያሉትን ምሳሌዎች በአማርኛ የጻፍኩት ለመረዳት እንዲቀል ነው። አሠራሩ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። በላቲን ፊደል ስትጽፉ ግን አንድ የኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ሆሄ ስለሚወስድ ቦታው ይበልጥ ይጠባል።

1. መጀመሪያ ሺት ላይ ጻፉ

ጉግል አድስ ሳጥን ውስጥ በቀጥታ አትጻፉ። እዚያ ቆጣሪው እያየን ስለምንጽፍ ገና ሐሳቡ ሳያልቅ መቁረጥ እንጀምራለን። ተራ ስፕሬድሺት ይበቃል። በኤ ዓምድ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ርዕሱን ጻፉ፣ አጠገቡ ይህን አስገቡ፦

```
=30-LEN(TRIM(A2))
```

ስንት ካራክተር እንደቀራችሁ ይነግራችኋል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ አልፋችኋል ማለት ነው። ክፍተትም፣ ነጥብም፣ ቁጥርም ይቆጠራል። `TRIM` መጨረሻ ላይ ሳናውቀው የምንተወውን ክፍተት እንዳይቆጥር ያደርጋል። ለመግለጫ 30ውን በ90 ቀይሩት።

2. በረጅሙ ጽፋችሁ ቁረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ገደቡን ረስታችሁ ለደንበኛው ፊት ለፊት የምትነግሩትን ጻፉ። ለጥገና ቤቱ እንዲህ ብዬ ነበር፦

«የተሰበረ የላፕቶፕ ስክሪንዎን በመጡበት ቀን ቀይረን እናስረክብዎታለን»

ይህ 43 ካራክተር ነው። 13 መቀነስ አለበት። እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ «በመጡበት ቀን» ነው፤ ጭማሪ ስለሚመስል። እሱን ካወጣችሁና መጨረሻውን ካሳጠራችሁ «የተሰበረ የላፕቶፕ ስክሪንዎን እንቀይራለን» ይሆናል። 26 ነው፣ በደንብ ይገባል። ግን ምን ቀረ? ስክሪን የሚቀይር ቤት ሁሉ የሚለው ነገር። ሰውየው ከላይም ከታችም ያሉት ማስታወቂያዎች ላይ ያንኑ ያነባል። እኛን የሚለየን በመጡበት ቀን መቀየራችን ነበር፤ የጣልነው ደግሞ እሱን ነው።

ስለዚህ መቁረጥ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። ፈላጊው ራሱ የሚያውቀውን ነገር አስቀድሜ አወጣለሁ። «የላፕቶፕ ስክሪን መቀየር» ብሎ የጻፈ ሰው ስክሪኑ መሰበሩን እኔ ልነግረው አያስፈልግም። «የተሰበረ» ይውጣ፤ 37 ቀረ። ቀጥሎ ግሦቹን አያለሁ። አማርኛ ላይ ቦታ የሚበላው ግሥ ነው። «ቀይረን እናስረክብዎታለን» ብቻውን 15 ይወስዳል። «እንቀይራለን» ግን 7 ነው፣ ትርጉሙም አልጎደለም። ውጤቱ፦

«የላፕቶፕ ስክሪንዎን በመጡበት ቀን እንቀይራለን»

29 ካራክተር። አገልግሎቱም፣ ቀኑም፣ ቃል መግባቱም አለ።

ከዚያው ሐሳብ አጭሩንም ያዙ፦ «ስክሪን በመጡበት ቀን ይቀየራል»፣ 19 ነው። ርዕሶቻችሁ ሁሉ 30ን መሙላት የለባቸውም። አጭር ርዕስ ቶሎ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ ቦታ ለማትረፍ ብላችሁ ቃል አታሳጥሩ። ሰው ቆም ብሎ መፍታት ያለበት ምህጻር በፍለጋ ገጽ ላይ ጊዜ አያገኝም። ርዕስ ላይ ቃለ አጋኖ ማስገባት ደግሞ አይፈቀድም፤ ስልክ ቁጥርም ጽሑፉ ውስጥ አይገባም።

3. እያንዳንዱ ርዕስ ብቻውን መቆም ይችላል?

አማርኛ ላይ ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። «ም»ን፣ «ደግሞ»ን፣ «ይህ»ንና «እሱ»ን ፈልጉ። «ዋስትናም አለው» ብሎ የሚጀምር ርዕስ ከፊቱ ሌላ ነገር እንደተባለ ይገምታል። መጀመሪያ ላይ ቢወጣስ? ምኑ ነው ዋስትና ያለው? እኔ በ«የ6 ወር ዋስትና በጽሑፍ» ቀየርኩት፤ 15 ካራክተር፣ የትም ቦታ ቢወድቅ የሚገባ።

ከዚያ በእጅ የሚሠራ ፈተና አለ፣ አሁንም አልተውኩትም። ርዕሶቹን በትናንሽ ወረቀት ጻፉና አቀላቅሉ። ሦስት አውጥታችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ሁለት ብቻ አውጥታችሁም አንብቡ። አሥር ጊዜ ያህል ስታደርጉት ሁለት ዓይነት ችግር ይወጣል። አንዱ ያየነው ነው፣ ያለ ሌላው የማይቆም ርዕስ። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፦ «ፈጣን የላፕቶፕ ጥገና»፣ «ላፕቶፕ በፍጥነት እንጠግናለን»፣ «ጥገና በአጭር ጊዜ» ተከታትለው ይወጣሉ። ሦስት ቦታ ይዘው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ቦታው ውድ ስለሆነ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከሦስቱ አንዱን አስቀሩ።

ስለዚህ 15 ርዕስ መሙላት ግዴታ አይምሰላችሁ። ዘጠኝ የተለያየ ነገር የሚሉ ርዕሶች ካሏችሁ፣ ስድስት ቅጂ ጨምራችሁ አታበላሿቸው።

4. የገባችሁት ቃልና ቅድመ ሁኔታው አይለያዩ

ወደ ሴትዮዋ ልመልሳችሁ። «ካስጠገኑ ብቻ» የሚለው ነገር ሌላ ቁራጭ ውስጥ ስለነበር ጠፋ። መፍትሔው ሁለቱን አንድ ርዕስ ውስጥ ማስገባት ነበር፦

«እኛ ጋር ካስጠገኑ ምርመራው በነፃ ነው»

24 ካራክተር። መጀመሪያውኑም ቦታ ነበረኝ፤ አጭሩ ስላማረኝ ነው የተውኩት። ይህን ርዕስ ከቀየርን በኋላ ያ ጭቅጭቅ ቀረ።

አንዳንዴ ቅድመ ሁኔታው 30 ውስጥ በፍጹም አይገባም። ያኔ ቃሉንም ከርዕስ አውጡትና ሁለቱንም አንድ መግለጫ ውስጥ አብራችሁ ጻፉ። ሌላው አማራጭ ፒን ማድረግ ነው፣ ማለትም ቁራጩን በአንድ ቦታ ላይ ማሰር። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ሦስተኛው ርዕስና ሁለተኛው መግለጫ ሁልጊዜ አይታዩም። እዚያ ያሰራችሁት ነገር ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። የግድ መታየት ያለበትን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ርዕስ ላይ፣ አለዚያም አንደኛ መግለጫ ላይ እሰሩ።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ ፒን የማደርገው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የአገልግሎቱን ስም የያዙ ሁለት ሦስት ርዕሶችን አንደኛው ቦታ ላይ አስራቸዋለሁ። ጉግል ከእነሱ መካከል እየቀያየረ ያሳያል፣ አንባቢውም ምን እንደምንሠራ መጀመሪያ ላይ ያያል። አንድ ርዕስ ብቻ ካሰራችሁ ግን ያ ቦታ ለሌላ አይለቀቅም፤ ርዕሱ ደካማ ቢሆንም ሁልጊዜ እሱ ነው የሚወጣው።

5. መግለጫው ፍርሃትን ይመልስ

90 ካራክተር ሰፊ ይመስላል፣ ብዙ ሰውም «ጥራት ያለው፣ አስተማማኝና ተመራጭ» እያለ ይሞላዋል። እነዚህ ቃላት ማንንም አያሳምኑም። ከዚያ ይልቅ ደንበኛው ከመደወሉ በፊት የሚፈራውን አንድ ነገር ፈልጉ። ላፕቶፑን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ከተፈታ በኋላ ዋጋው እንዳይጨምርበት ይፈራል። ስለዚህ፦

«ሥራ ከመጀመራችን በፊት ዋጋውን እንነግርዎታለን። ስክሪኑ መሥራቱን አይተው ይከፍላሉ። ዋስትናውም በጽሑፍ ነው።»

69 ካራክተር። «ዋስትናውም» ላይ ያለው «ም» እዚህ አይጎዳም፣ የሚንጠለጠልበት ዓረፍተ ነገር እዚያው መግለጫ ውስጥ ስላለ። ዋናውን ፍርሃት የሚመልሰው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ይምጣ። ርዕስ ላይ ያላችሁትን ደግሞ መግለጫ ላይ አትድገሙት።

6. አስገብታችሁ አትሩጡ

አሁን ኮፒ አድርጋችሁ አስገቡ። ጎን ላይ የማስታወቂያውን ጥንካሬ የሚያሳይ መለኪያ አለ፤ ከ«ደካማ» እስከ «እጅግ ጥሩ» ይላል። ብዙ ርዕስ ስትጨምሩ ይወጣል፣ ፒን ስታደርጉ ይወርዳል። ድግግሞሽ ካገኘባችሁ ስሙት፣ ልክ ነው። ሴትዮዋን ያስቆጣውን «ምርመራ በነፃ» ግን ያ መለኪያ አልያዘውም፤ ቃልና ቅድመ ሁኔታ መለያየታቸውን አያይም። ለመለኪያው ብላችሁ የታሰረውን ቅድመ ሁኔታ እንዳትፈቱ።

ማስታወቂያው ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ አሴቶቹን፣ ማለትም ርዕሶቹንና መግለጫዎቹን፣ የሚያሳየው ገጽ ላይ ኮምቢኔሽንስ የሚለውን ክፈቱ። በትክክል አብረው የወጡት ርዕሶችና መግለጫዎች እዚያ ተዘርዝረዋል። እንደ ማያውቅ ሰው አንብቧቸው። እንግዳ የሆነ ጥምረት ካያችሁ ጥፋተኛውን ርዕስ ለዩና እሱን ብቻ ቀይሩ። አምስቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም።