«ከፋኝ» ማለትን ለዛ ባለው አማርኛ እንዴት መናገር ይቻላል?

ሰው ሌላውን ሳይወቅስ ስሜቱን እንዲገልጽ የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች «እኔ» ብሎ መጀመርን ይመክራሉ፤ ምክሩን በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጎርደን ነው። ምክሩ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን «እኔ የመጎዳት ስሜት ተሰምቶኛል» የሚል፣ ለእህት ሳይሆን ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ የሚመስል ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

ደሴ የምትኖር ሴት፣ ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቷ የልጇን ኒካህ ሳትነግራት ቀርታ፣ ወሬውን ከጎረቤት ሰማች እንበል።

በመጀመሪያ «የመከፋት ስሜት ተሰማኝ» የሚለውን ትታ «ከፋኝ» ትበል። «እኔ» ማለት አያስፈልጋትም፤ «ኝ» የምትለው ፊደል ስሜቱ የማን እንደሆነ ነግራ ጨርሳለች። «እኔ ከፋኝ» ብትል እንዲያውም ሌሎቹ ያልከፋቸው ይመስላል። ይህ ማለት ግን «ተሰማኝ» ሁልጊዜ ይወገዳል ማለት አይደለም፤ «ብቸኝነት ተሰማኝ» ማንም የሚለው ነው።

ቀጥሎ የስሜቱን ልክ ትምረጥ። «ቅር አለኝ» ቀላል ነው፣ በአንድ ሻይ ላይ ያልቃል። «ከፋኝ» ከዚያ ይከብዳል። «ሆድ ባሰኝ» የሚባለው እንባ ሲቀርብና ቅያሜው ከቅርብ ሰው ሲመጣ ስለሆነ፣ ለዚህ ጉዳይ ሳይስማማ አይቀርም። «ተቀይሜሻለሁ» ግን ስሜትን ከመግለጽ አልፎ ግንኙነቱ መሻከሩን ማስታወቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከሁሉም የሚከብደው አድራጊውን ማስቀመጥ ነው። «አስከፋሽኝ» ካለች ድርጊቱ የእህቷ ሆነ፤ «ሳትጠሪኝ ስትቀሪ ከፋኝ» ሲባልም ጣቱ ገና እህትየዋ ላይ ነው። «የልጁን ኒካህ ከጎረቤት ስሰማ ከፋኝ» ስትል ግን የሰማችውም የከፋትም ራሷ ናት፣ ክሱም ይቀራል። ምክንያቱ ከፊት፣ ስሜቱ ከኋላ መምጣቱ የአማርኛ ተፈጥሯዊ አካሄድ ስለሆነ፣ «ከፋኝ፤ ምክንያቱም…» ብሎ መገልበጥ ንግግሩን ያደርቀዋል።

«እንደተናቅሁ ተሰማኝ» የሚለውም ስሜት ሳይሆን ግምት ነው፤ አማርኛ ለግምት «መሰለኝ» አለው። ስለዚህ ሙሉ ንግግሩ እንዲህ ይሆናል፦ «እትዬ፣ የልጁን ኒካህ ከጎረቤት ስሰማ ሆድ ባሰኝ። የተረሳሁ መሰለኝ።»

እህትየዋ «እኔ ምን አደረግሁሽ?» ብላ ከመለሰች፣ ከንግግሩ ውስጥ አንድ ቦታ «አንቺ» አድራጊ ሆና ቀርታለችና ዓረፍተ ነገሩን ዳግም መፈተሽ ይገባል። «እንዴት ሳልነግርሽ ቀረሁ!» ካለች ግን የተባለው ነገር በትክክል ደርሷታል።