«ቲቸር፣ የእኔ ቁጥር ጣሳው ውስጥ አለ?»

ቡሬ አካባቢ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር 72 ልጆች ነበሩኝ። እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ስድስት ልጆች ናቸው። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ለቀምኩ። በስም መጥሪያው ተራ ከ1 እስከ 72 ቁጥር ጻፍኩበትና ጣሳ ውስጥ ጨመርኩት። አንዱን አወጣለሁ፣ ባለቁጥሩ ይመልሳል፣ ቆርኪውን መልሼ እከታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ ብዬ ኩራቴ ለጉድ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንዲት ልጅ ከክፍል ስወጣ ተከተለችኝ። «ቲቸር፣ የእኔ ቁጥር ጣሳው ውስጥ አለ?»

ነበር። ግን አንድም ቀን አልወጣም። ደግነቱ የተጠራውን ሁሉ መዝግቤያለሁ፣ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በቀን 6 ጥያቄ፣ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ፣ በሦስት ሳምንት 72። ለእያንዳንዱ ልጅ ልክ አንድ አንድ ይደርስ ነበር። 28 ልጆች አንዴ፣ 14 ሁለቴ፣ 4 ሦስቴ፣ አንዱ ምስኪን አራት ጊዜ ተጠርቷል። 25ቱ ጭራሽ አልተጠሩም።

ጣሳው ምንም አልሆነም። ቆርኪው ከተመለሰ እንዲህ ነው የሚሆነው። በአንድ ዕጣ አንድ ልጅ የመትረፍ ዕድሉ 71 ለ72 ነው። ይህ 72 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.37 ገደማ ይመጣል። ከ72 ልጆች 26 ያህሉ ሳይነኩ ያልፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ የወጣ ቆርኪ አይመለስ።

እሺ አልኩና ሁለተኛው ስህተት ውስጥ ገባሁ። ነገሩን እንደ እቁብ አደረግኩት። የወጣለት ወጣለት፣ ዙሩ እስኪያልቅ አይመለስም። ሁሉም ተዳረሰ። ግን እቁብ የበላ ሰው ዋስ የሚጠራው ለምንድን ነው? እንዳይጠፋ ነዋ! የእኔዎቹ ዋስ የላቸውም። ሰኞ የተጠራ ልጅ ማክሰኞ ደብተር ይዞ አይመጣም፤ በመስኮት በሬ ይቆጥራል።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ጣሳ አለኝ፣ ያልተጠሩና የተጠሩ። ያልተጠሩት ጣሳ ውስጥ ቁጥር በሌላቸው 6 ቆርኪዎች ላይ መስቀል አድርጌ እጨምራለሁ። መስቀል ከወጣ ያንን መልሼ ከተጠሩት ጣሳ አወጣለሁ፤ የወጣው ቆርኪም እዚያው ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ መስቀል የሚወጣው ከ13 ዕጣ በአንዱ ነው። ጣሳው እየጎደለ ሲሄድ ይደጋገማል። ያልተጠሩት 6 ብቻ ሲቀሩ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ተጠርቻለሁ ብሎ የሚዘናጋው በሚበዛበት ሰዓት፣ የተጠራም ደጋግሞ ይነካል። ዋጋው ጊዜ ነው፦ ዙሩ 72 ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ 100 ገደማ ይፈጃል፣ ከሦስት ሳምንት ወደ አራት።

ቆርኪ መልቀም የሚያፍር ባልደረባ ነበረኝ። ከኪሱ ብር ያወጣና የመለያ ቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ያነባል፣ 00ን መቶ ይለዋል። ከ72 ከበለጠ 72 ይቀንሳል። 85 ከሆነ ቁጥር 13 ይነሳል። ብልህ ይመስላል፣ አይደል? ግን ከ73 እስከ 100 ያለው ሁሉ ተመልሶ የሚወድቀው ከ1 እስከ 28 ባሉት ልጆች ላይ ነው። እነሱ ሁለት በር አላቸው፣ ሌሎቹ አንድ። ስም መጥሪያው በፊደል ተራ ስለሆነ እነ ሀብታሙና እነ ለምለም አሳራቸውን አዩ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከ72 ከበለጠ አትቀንሱ፣ ሌላ ብር አውጡ። ባንክ በታሸገ አዲስ ብር ግን አትሞክሩት፣ ቁጥሩ ተከታታይ ነው።

መጀመሪያ ረድፍ፣ ቀጥሎ ወንበር በዕጣ መምረጥም ያው ነው። አራት ልጅ ያለበት ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ ዘጠኝ ካለበት ጓደኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ይጠራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ቆርኪውን አይቶ «እምም» ብሎ መመለስ ነው። ዓይናፋሯ ልጅ ወጣች፣ አሳዘነችን፣ መለስን። ሱፐርቫይዘር ኋላ ተቀምጧል፣ ሰነፉ ወጣ፣ መለስን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም ሱፐርቫይዘር ፊት። ልጆቹ ወዲያው ያውቃሉ። ፊታችሁን ነው የሚያዩት፣ ጣሳውን አይደለም። ከዚያ በኋላ ዕጣ የለም፤ መምህሩ የመረጠው ነው የሚጠራው፣ ጣሳው ማስመሰያ ነው። የአሁኑ መላዬ ቆርኪውን ፊት ወንበር ያለ ልጅ እንዲያወጣና ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ዓይናፋሯ ከወጣች ጥያቄውን አቀልላታለሁ፣ ወይም ከጎኗ ካለችው ጋር ለአንድ ደቂቃ እንድትመካከር አደርጋለሁ። መዝለል ግን የለም።

ጥያቄው ይቅደም፣ ዕጣው ይከተል። ቁጥር አስቀድማችሁ ከጠራችሁ 71ዱ ማሰብ ያቆማሉ።

የቀረ ልጅ ቁጥር ከወጣ ደግሞ ያልተጠሩት ጣሳ ውስጥ ይመለስ። ኅዳር ላይ ጤፍ አጨዳ ሲመጣ አሥርና አሥራ አምስት ልጅ ይጎድልብኛል። ቆርኪያቸውን የተጠሩት ጣሳ ውስጥ ከጣልኩት ዙራቸው አለፈ ማለት ነው፣ እነሱ እርሻ ላይ እያሉ።