ከወሊድ በኋላ በስፌት ቁስልና ወደ ታች በሚጎትት የክብደት ስሜት ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በምጥ ጊዜ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቦታ መቀደዱ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በምትወልድ እናት ላይ፣ በጣም የተለመደ ነው። ጉዳቱ ቆዳውን ብቻ ከነካ አንደኛ ደረጃ፣ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ ከነካ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሰገራን የሚቆጣጠረውን ጡንቻ ከነካ ሦስተኛ ደረጃ፣ የፊንጢጣን ውስጠኛ ሽፋን አልፎ ከገባ ደግሞ አራተኛ ደረጃ ይባላል። እናት ከጤና ተቋም ከመውጣቷ በፊት የትኛው እንደደረሰባት ጠይቃ ማወቅ አለባት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣት ምክር ሁሉ በዚህ ይለያያልና። ስፌቱ የሚሠራው በራሱ በሚሟሟ ክር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ማስወጣት አያስፈልግም፤ ከሳምንታት በኋላ ቁራጭ ክር ሞዴስ ላይ መታየቱም አያስደነግጥም። ቆዳው በሁለት ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ ውስጡ ግን ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

የሕመሙን ብርታት ማየት፣ አካሄዱን አለማየት

«ያመኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለአራስ ብዙም አይጠቅማትም፤ የተሰፋ ሥጋ ማመሙ አይቀርም። የሚጠቅመው ጥያቄ የዛሬው ሕመም ከትናንቱ ቀንሷል ወይ የሚለው ነው። እብጠቱና ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይበረታል፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየቀለለ መሄድ አለበት። ቀለል ብሎ የነበረ ሕመም በአራተኛው፣ በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ከጠና፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንኳ ቁስሉ መታየት ይኖርበታል።

ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ እሱም በወለደችበት ቀን የሚደርስ ነው። ማስታገሻ የማይበግረው፣ በፍጥነት የሚጨምር ሕመም ከመጣ፣ በአንድ በኩል እብጠት ከታየ፣ እንደገና የማማጥ ስሜት ከተሰማት ወይም ሽንት አልወጣ ካላት፣ ከሥር ደም ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ እስኪነጋ የሚያድር ጉዳይ አይደለም።

ትኩሳቱን «ምች ነው» ብሎ ማለፍ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። አራስ ቤት ውስጥ ትኩሳት ሲመጣ የሚቀርበው ማብራሪያ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ወይ ምች መቷታል፣ ወይ ብርድ ገብቷታል ይባላል። ነገሩን ለማየት እንዲመች እንደሚከተለው ያለ ሁኔታ እናስብ።

አንዲት እናት በጤና ጣቢያ ወልዳ፣ የሁለተኛ ደረጃ ጉዳቷ ተሰፍቶላት፣ በማግስቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀንሶላት ቁጭ ብላ ማጥባት ትችላለች። በአምስተኛው ቀን ምሽት ግን ቦታው ይጠዘጥዛት ይጀምራል፤ በአንድ ጎኗ ተደግፋ ካልሆነ መቀመጥ አልችል ትላለች። በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጣታል። አማቷ ዳማከሴ ጨምቀው ያጠጧታል፤ ትሸፋፈናለች፤ ያልባታል፤ ትኩሳቱም ይወርዳል። ቤተሰቡ «አላባት፣ ተሻላት» ብሎ ይረጋጋል። በሰባተኛው ቀን ሞዴሱ ላይ መጥፎ ሽታ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ትኩሳቷ 38.8 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 116 ሆኖ ይገኛል፤ የስፌቱ ጠርዝ አብጦ ጠንክሯል፣ ጫን ሲሉትም መግል ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ጉዳት ያደረሰው ዳማከሴው ሳይሆን የጠፋው ጊዜ ነው። ከቁስል የሚነሣ ትኩሳት ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፤ ስለዚህ ላብ ማላብ የመዳን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። የዚህች እናት ሕክምና የተመረዘውን ስፌት ፈትቶ መግሉን ማስወጣት፣ ማጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መስጠትና ቁስሉ ከሥር ወደ ላይ እየሞላ እንዲድን ክፍት አድርጎ መተው ነው፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን ምሽት ወይም በማግስቱ ጠዋት ብትታይ ኖሮ ቁስሉ እዚህ ደረጃ ሳይደርስ ሊያዝ ይችል ነበር።

በመጻሕፍት የመጀመሪያ ምልክት ተብሎ የሚጠቀሰው መቅላት በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ይበልጥ የሚያስተማምነው መሞቁ፣ ማበጡ፣ መጠንከሩ፣ መግል መያዙ ወይም የስፌቱ መከፈት ነው። እናት ራሷ በእጅ መስታወት ቀን ቀን ብታየው ለውጡን ቀድማ ታውቀዋለች። ሽታን በተመለከተም፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም የወር አበባን የመሰለ ሽታ አለው፤ የሚከረፋ ሽታ ግን ጤናማ አይደለም።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት ከስፌቱ ብቻ ላይመጣም ይችላል። ከማህፀን፣ ከጡት፣ ከሽንት ቧንቧ፣ በቆላ አካባቢ ደግሞ ከወባ ሊመጣ ይችላል፤ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው። ትኩሳት ባይኖርም እንኳ ቶሎ ቶሎ የምትተነፍስ፣ የምትቀባዥር፣ እጅ እግሯ የሚቀዘቅዝ ወይም ሽንቷ የቀነሰ አራስ መርዙ በደሟ ተሰራጭቶ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለባት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደምም እንዲሁ ነው።

ቁስሉን በጭስ፣ በቅቤና በዴቶል «ማከም»

የወይባ ጭስ መሞቅ በአንዳንድ አካባቢዎች የአራስ ወግ ነው። ሆኖም ከስፌቱ ፊት ለፊት የሚነሣ ሙቀት፣ በእብጠቱ ምክንያት ስሜቱ የደከመን ቆዳ እናቲቱ ሳይታወቃት ሊያቃጥለው ይችላል። ቅቤና ቅጠል ቦታውን አርጥበው ቆሻሻ ይይዛሉ፤ ዴቶልና አልኮልም ለመግጠም የሚሞክረውን ሥጋ ይለበልቡታል። የሚፈለገው በጣም ቀላል ነገር ነው፦ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቦታውን በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ማፍሰስ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በየአራት ሰዓቱ መቀየር። ሽንት ሲሸኑ ውሃ ማፍሰስ ማቃጠሉን ያበርደዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለአሥር ደቂቃ ያህል ማስደገፍ እብጠቱን ይቀንሳል። ፓራሲታሞል ለምታጠባ እናት ይስማማል፤ 500 ሚሊግራም የሆነውን ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፣ በ24 ሰዓት ግን ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም።

ሰገራን ፈርቶ ምግብና ውሃ መቀነስ

ስፌቱ ይፈታል ብላ የምትፈራ አራስ ሰገራዋን ታምቃለች፤ የታመቀው ይደርቃል፤ ደረቁ ደግሞ የፈራችውን ያመጣባታል። ገንፎው ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን ያደርቃል። ውሃ፣ አጥሚት፣ ጎመን፣ ፍራፍሬና የተልባ ውሃ ይጨመርበት። የሚሰጣት የአይረን ክኒን ድርቀት ቢያመጣባትም ሳታቋርጥ ለአዋላጇ ትንገር። ስትጸዳዳ ንጹሕ ሞዴስ በስፌቱ ላይ ደግፋ መያዟ ፍርሃቱን ያቃልላል። ጋዝ ወይም ሰገራ የሚያመልጣት ከሆነ ግን የጡንቻው ጉዳት ሳይታይ ቀርቶ ወይም ሳይገጥም ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለባት።

የታች ክብደትን ወይ መደበቅ፣ ወይ «ማህፀኔ ወጣ» ብሎ መደንገጥ

ማህፀንን፣ የሽንት ፊኛንና ደንዳኔን ከሥር የሚሸከሙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች በወሊድ ጊዜ እጅግ ይለጠጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ታች የሚጎትት ስሜት መኖሩ ብርቅ አይደለም። የማህፀን ወይም የፊኛ መውረድ ግን ራሱን የቻለ ጠባይ አለው፤ ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ ይቀላል፣ ቆመው ሲውሉ ይከብዳል፣ ማታ ይብሳል፣ ሲተኙ ይመለሳል። እንቁላል የሚያህል ለስላሳ ነገር በብልት አፍ ላይ መዳሰስ፣ ሽንት ጨርሶ አልወጣም የሚል ስሜት፣ ወይም ሰገራ ለመጨረስ በጣት መደገፍ ምልክቶቹ ናቸው። ይህ ከስፌት ቁስል ሕመም ይለያል፤ ቁስሉ ይጠዘጥዛል፣ መውረዱ ግን ከሕመም ይልቅ ክብደት ነው። ሽንት ሳይቆም ሌሊትና ቀን የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ፌስቱላ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።

ቀላል መውረድ በሚቀጥሉት ወራት ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ የጡንቻ እንቅስቃሴ ደግሞ ያግዘዋል። አሠራሩ ጋዝና ሽንትን በአንድ ጊዜ እንደሚይዙ አድርጎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሰብሰብ፣ ለጥቂት ሰኮንድ መያዝ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ነው። ቀስ በቀስ እስከ አሥር ሰኮንድ እየተያዘ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ ይሠራል። ትንፋሽ ይዞ ወደ ታች መግፋት ግን ጫናውን ያባብሰዋል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሽንት እየሸኑ መለማመድም አይመከርም። ውጤቱ በሳምንት አይታይም፤ ቢያንስ ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ካልተሻለ ፔሳሪ የሚባል፣ በብልት ውስጥ የሚቀመጥና የወረደውን የሚደግፍ ቀለበት አለ፤ ቀዶ ሕክምና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ መውለድ እስኪያበቃ ይቆያል። ወደ ውጭ የወጣ፣ የሚደማ፣ የማይመለስ ወይም ሽንት የከለከለ ነገር ካለ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ክርስትናው ሲደርስ ወደ ጄሪካኑ መመለስ

አርባና ሰማንያ ቀን ለአራስ ዕረፍት መሰጠቱ ለጡንቻው በጎ ነው። ችግሩ ቀኑ የሚቆጠረው በሕፃኑ ጾታ መሆኑ ነው፤ ወንድ የወለደች እናት ሥጋ ሴት ከወለደችው ፈጥኖ አይገጥምም። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሕፃኑ ክብደት በላይ ማንሳት አይመከርም፤ የሞላ ጄሪካን ደግሞ 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ ነው። ሥራው ግድ ከሆነ በአምስት ሊትር መጀመር፣ ሲያነሡ ጡንቻውን መሰብሰብና ትንፋሽን እያስወጡ መነሣት ይሻላል። ምሽት ላይ የታች ክብደቱ ከጨመረ የቀኑ ጭነት በዝቷል ማለት ነው፤ በማግስቱ ይቀነስ።

የዓለም ጤና ድርጅት አራስ እናት ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን እንዲሁም በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። ብዙ እናቶች የመካከለኞቹን ይዘላሉ፤ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ያለው ጉብኝት ደግሞ የቁስል መመረዝ ብዙውን ጊዜ የሚታይበትን ጊዜ የሚይዝ ነው። ለስድስተኛው ሳምንት ግን ለሕፃኑ ክትባት ጤና ጣቢያ መሄዷ ስለማይቀር፣ በዚያው ቀን «እኔንም ዕዩኝ» ብላ መጠየቅ ትችላለች። መውረዱ ተኝታ ሳለች ሊሰወር ስለሚችል፣ እያሳለች ወይም እያማጠች፣ ካልታየም ቆማ እንድትመረመር ብትጠይቅ አያስነውራትም።