ለደጋ ምሽት የሚሆን ጋቢ እንዴት ይመረጣል?

ከባድ ጋቢ ሁሉ ሞቃት አይደለም። ጥጥ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ሰውነታችን የሚያወጣውን ሙቀት የሚያቆይልን በክሮቹና በድርቦቹ መካከል ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጠው አየር ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ከተማ፣ በኅዳር ምሽት የሚለበስ ጋቢ ሲገዙ ከክብደቱ ይልቅ አሠራሩን ይመርምሩ።

በመጀመሪያ ጫፉን ይዘው ድርቡን ይቁጠሩ። ጋቢ በተለምዶ አራት ድርብ ሲሆን፣ በአራቱ ድርቦች መካከል ሦስት የአየር ንጣፎች ይኖራሉ። ስስ የሆነው ነጠላ ለቀን ፀሐይና ለቤተ ክርስቲያን እንጂ ለውርጭ አይበቃም።

ቀጥሎ ማጉን ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ድሩ ቀጭን የፋብሪካ ክር ስለሆነ፣ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚወስነው ማጉ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ ስለማይከርርም በውስጡ አየር ይይዛል። ጨርቁን በእጅዎ ጨምድደው ይልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ከተነፋ ጥሩ ነው፣ እንደተጨመደደ ከቀረ ግን ክሩ የከረረ ወይም የሳሳ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አንዱን ድርብ ብቻ ለይተው ወደ ብርሃን ያንሱት። ብርሃኑ እንደ ወንፊት በየቀዳዳው ከገባ ነፋስም እንዲሁ ይገባል። አዲስ ጨርቅ ግን ያታልላል፤ እንዲደርቅና እንዲያምር ተብሎ የሚቀባው ነገር ክፍተቱን ስለሚደፍነው ጥብቅ ይመስላል፣ በመጀመሪያው እጥበት ሲለቅ እውነተኛው ሽመና ይታያል። በእኔ ግምት ቸል የሚባለው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው።

ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጋቢዎችን እናወዳድር። አንደኛው በቀጭን የፋብሪካ ክር ጥብቅ ተደርጎ የተሸመነ፣ ሁለተኛው በወፍራም የእጅ ፈትል ላላ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ ቡና እየጠጡ ሲቀመጡ አየሩ ስለማይነቃነቅ ሁለተኛው ይበልጥ ይሞቃል። ደጅ ቆመው ታክሲ ሲጠብቁ ግን ነፋሱ የታቆረውን አየር ጠርጎ ስለሚወስደው ብልጫው ይጠፋል፤ እዚያ አንደኛው ይሻላል፣ ወይም በሁለተኛው ላይ ካፖርት መደረብ ያስፈልጋል። ቡልኮ በውፍረቱ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ሆኖም ይዞ ለመሄድ ስለሚከብድ ለመኝታና ለረጅም መቀመጥ ይመረጣል።

ሲለብሱ አንገትና ትከሻ ላይ ደረብ አድርገው፣ ነገር ግን ሳያጠብቁ ይጠቅለሉ፤ በጣም ከተወጠረ ድርቦቹ ተጣብቀው አየሩ ይወጣል። እርጥበትም ያው ጉዳት ያደርሳል፤ ውሃ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ እርጥብ ጥጥ ይልቁንም ያቀዘቅዛል። ከእጥበት በኋላ የውስጠኛውን ድርብ በጉንጭዎ ነክተው ይፈትሹት፤ ከውጭው ይልቅ ከቀዘቀዘ ገና አልደረቀምና ወደ ፀሐይ ይመልሱት።